የሰላምታ ቃል መቼ ይለወጣል?
(ስለ «አደራችሁ»፣ «ዋላችሁ» እና «አመሻችሁ» አጠቃቀም የቀረበ አጭር ትምህርት)

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች! እንደምን ሰነበታችሁ?

«እንደምን አደራችሁ» ወይም «እንደምን ዋላችሁ» ሳንል «እንደምን ሰነበታችሁ» ያልንበት ምክንያት አለን። ይህች ጽሑፍ በእጃችሁ የምትገባው በጠዋት ይሁን በማታ አስቀድመን ልናውቅ አንችልም። በዚህች መጽሔት አማካይነት ከተገናኘን ግን ሳምንታት እንዳለፉ እናውቃለን። ስለዚህ የጠየቅናችሁ ያለፉትን ሳምንታት ነው። የዛሬው ትምህርታችን ይኸው ነው። የሰላምታችን ቃል የሚመረጠው በምን መለኪያ ነው? መቼስ ነው ከአንዱ ወደ ሌላው የምንሻገረው?

፩. የቴፒዋ እናት መልስ

ነገሩን እንድናስብበት ያደረገን በራሳችን ላይ የደረሰ አንድ ስሕተት ነው። ሦስት ሆነን የታመሙ ሰዎችን ለመጠየቅ ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ ሄድን። ከምንጠይቃቸው ሰዎች መካከል አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ። እኚህን እናት ቀድሞ በየጊዜው እናገኛቸው ነበር፤ በኋላ ግን በትምህርቱና በፈተናው ምክንያት ሳናያቸው ቆየን። ከቤታቸው የደረስነው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን አየን፤ ከቀትር በኋላ ነው። ስለዚህ በሩ ላይ ቆመን፣ አንገታችንን ዝቅ አድርገን፣ «እናታችን፣ እንደምን ዋሉ?» አልናቸው።

እሳቸውም ከመደባቸው ቀና ብለው አዩንና፣ «መዋሉንስ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዋልን፤ የሰነበትነውን ብትጠይቁን ነው እንጂ፣ ልጆቼ!» አሉን።

ቁጣ አልነበረበትም፤ እንዲያውም ፈገግ ብለው ነው የተናገሩት። ኋላ ስንቀመጥ ግን ነገሩ ገባን። ወባ ይዟቸው ከሁለት ሳምንት በላይ ተኝተው ነበር። ያንን ሁሉ ቀን ያስታመሟቸው ጎረቤቶቻቸው ናቸው። እኛ ግን ትናንት እንደተለየናቸው ሁሉ የዚያን ዕለቱን ውሏቸውን ብቻ ጠየቅን። ከአንደበታችን የወጣው ቃል በሰዋስው ትክክል ነው፤ አክብሮቱም አልጎደለም። የጎደለው የጠየቅነው ጊዜ ማነሱ ነው።

በመመለሻችን ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጠን ይህን ነገር ስንወያይ ነው መለኪያችን የተሳሳተ መሆኑን ያወቅነው። እኛ የተመለከትነው ሰዓታችንን ነበር፤ ልንመለከት የሚገባን ግን እኚያን እናት ለመጨረሻ ጊዜ ያየንበትን ቀን ነበር።

፪. ሰላምታ ወደ ኋላ፣ ስንብት ወደ ፊት

በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ስንማር «ጉድ ሞርኒንግ» ማለት «እንደምን አደርክ» ነው፣ «ጉድ አፍተርኑን» ማለት ደግሞ «እንደምን ዋልክ» ነው ተብለን ተምረናል። ለመግባባት ያህል ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን የሁለቱ ቋንቋዎች አካሄድ አንድ አይደለም። እንግሊዙ ሁለቱ ሰዎች አሁን ያሉበትን ጊዜ ስም ይጠራና መልካም ይሁንልህ ይላል። አማርኛው ግን ይጠይቃል፤ የሚጠይቀውም ያለፈውን ጊዜ ነው። «አደርክ»፣ «ዋልክ»፣ «አመሸህ» ሦስቱም በኃላፊ ጊዜ የተነገሩ ግሦች ናቸው። «እንደምን አደርክ?» ማለት ያለፈው ሌሊት እንዴት አለፈልህ ማለት ነው እንጂ ስለ ጠዋቱ የሚናገረው ነገር የለም።

ስንለያይ ደግሞ ፊታችንን ወደሚመጣው ጊዜ እናዞራለን። ጠዋት የተገናኘነውን ሰው «እንደምን አደርክ» ብለን ተቀብለን «ደህና ዋል» ብለን እንሰናበተዋለን። ያለፈው ሌሊት ነው፣ የሚመጣው ቀን ነውና። ማታ ደግሞ «እንደምን አመሸህ» ብለን ተቀብለን «ደህና እደር» ብለን እንለየዋለን። ያለፈው ምሽት ነው፣ የሚመጣው ሌሊት ነውና።

እንግዲህ ልብ በሉ! ስንለያይ የተመኘንለት ቃል ስንገናኝ የምንጠይቀው ቃል ሆኖ ተመልሶ ይመጣል። ጠዋት «ደህና ዋል» ያልነውን ወንድማችንን ሲመለስ «እንደምን ዋልክ?» እንለዋለን። ማታ «ደህና እደሪ» ያልናትን እኅታችንን በማግሥቱ «እንደምን አደርሽ?» እንላታለን። «ደህና ሰንብቱ» ብለን የሸኘናቸውን ሲመለሱ «እንደምን ሰነበታችሁ?» ብለን እንቀበላቸዋለን። ስንብቱ ምኞት ነው፤ ሰላምታው ምኞቱ መድረስ አለመድረሱን የሚጠይቅ ነው።

ይህ አካሄድ የአማርኛ ብቻ አይደለም። በአካባቢያችን ብዙ ሰው የሚናገረው ኦሮምኛም ጠዋት «አከም ቡልቴ» ብሎ ሌሊቱን፣ ከቀትር በኋላ «አከም ኦልቴ» ብሎ ቀኑን ይጠይቃል። ትግርኛም እንዲሁ «ከመይ ሓዲርካ» እና «ከመይ ውዒልካ» ይላል። ስለዚህ ከእነዚህ ቋንቋዎች ወደ አማርኛ የሚመጣ ሰው በዚህ ነገር ብዙም አይቸገርም። ብዙ የሚሳሳተው እንደ እኛ ሰላምታን ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጋር እያስተያየ የተማረው ነው።

፫. የቀኑ መሻገሪያዎች

አሁን «መቼ ነው ቃሉን የምንለውጠው?» ወደሚለው ጥያቄ እንምጣ። በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት ዋና ዋና ቃላትና በመካከላቸው የምትገባ አንዲት ትንሽ ቃል አሉ።

«አደረ» ከንጋት ይጀምራል። ሰው ከእንቅልፉ ተነሥቶ መጀመሪያ ከሚያገኘው ሰው ጋር የሚለዋወጠው ይህንኑ ነው። ጠዋት እስከ 3 ወይም 4 ሰዓት ድረስ ያለ ጥርጥር ይሠራል።

«አረፈደ» ትንሿ ቃል ናት። ፀሐይ ሞቅ ካለ በኋላ፣ ከ4 ሰዓት ገደማ እስከ ቀትር ድረስ፣ «እንደምን አረፈድክ?» ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው ግን እርሷን ዘልሎ እስከ ቀትር ድረስ በ«አደርክ» ይቀጥላል፤ ይህም ስሕተት አይደለም። ይህችን ቃል በጥንቃቄ መያዝ ያስፈልጋል። «አረፈደ» ዘገየ የሚል ትርጉምም አለውና «እንደምን» የሚለው ከፊቷ ከወደቀ ሰላምታው ወቀሳ ይሆናል። በ4 ሰዓት ወደ ጉባኤያችን የገባውን ወንድም «እንደምን አረፈድክ?» ብንለው ሰላም አልነው፤ «አረፈድክ!» ብንለው ግን ለምን ዘገየህ አልነው። «አመሸህ» የሚለውም እንዲሁ ነው። «እንደምን አመሸህ?» ሰላምታ ሲሆን፣ እናት በሩን ከፍታ ለልጇ «አመሸህ!» ስትለው ግን የት ቆየህ ማለቷ ነው።

«ዋለ» ከቀትር በኋላ ይገባል። 7 ሰዓት ካለፈ በኋላ «እንደምን አደርክ» ብንል ሰሚው ይገረማል፤ ሌሊቱ ከራቀ ቆይቷልና።

«አመሸ» ፀሐይ ስትገባና ሲጨልም የሚመጣ ነው። በዚህ ላይ ግን እኛ በደቡብ ምዕራብ ያለን ሰዎች ልናውቀው የሚገባን አንድ ነገር አለ። ይኸውም ሰዓታችንና ፀሐያችን እኩል አለመሄዳቸው ነው።

የአገራችን ሰዓት የተቆረጠው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ነው። ይህ መሥመር የሚያልፈው ከእኛ በጣም ርቆ በሱማሌ ክልል ምሥራቃዊ ክፍል በኩል ነው። ሚዛን ተፈሪ ግን በ35 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትገኛለች። ልዩነቱ 9 ዲግሪ ተኩል ያህል ነው። ምድር 1 ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። 9 ተኩልን በ4 ብናባዛ 38 ይመጣል። ስለዚህ በሚዛን ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ የምትደርሰው በአማካይ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ እንጂ ልክ በ6 ሰዓት አይደለም። መጥለቂያዋም በዚያው መጠን ይዘገያል። ከወር ወር ጥቂት ደቂቃዎች ወዲህና ወዲያ ይላል እንጂ ነገሩ ይህ ነው።

ድሬዳዋ በ42 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች በእኛ ላይ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት 25 ደቂቃ ያህል ቀድማ በድሬዳዋ ትጠልቃለች። ስለዚህ ከዚያ የመጣ እንግዳ ሰዓቱን አይቶ በ12 ሰዓት ተኩል «እንደምን አመሻችሁ» ሲለን የእኛ ሰዎች ገና «ዋላችሁ» ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ማንም አልተሳሳተም። የሰላምታን ቃል የሚለውጠው የግድግዳው ሰዓት ሳይሆን የሰማዩ ብርሃን ነው። በዛፍ ጥላ ሥር ባለው የቡና ማሳ ውስጥ የሚውል ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ከጥላው ሥር ሲወጣ የሚለው ቃል ውጭ ባለው ብርሃን ይወሰናል።

፬. አንድ ቀን ከንጋት እስከ ማታ

ነገሩን በምሳሌ ብናየው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ጊዜው የቡና ለቀማ ወራት፣ ኅዳር ነው እንበል። ከእኛ መካከል አንድ ወጣት ቤተሰቡን ለመርዳት ወደ ማሳ ይሄዳል። ከንጋት ጀምረን እንከተለው።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከደጃፉ ሲወጣ ጎረቤታቸውን ያገኛል። በዕድሜ የአባቱ እኩያ ናቸው። «አባባ፣ እንደምን አደሩ?» ይላል። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደምን አደርክ፣ ልጄ?» ይሉታል። እሱም አመስግኖ ሲለይ «ደህና ይዋሉ» ይላል። ቀኑ ገና ከፊታቸው ነውና።

ከሰፈሩ መውጫ ላይ ሌሊቱን መጋዘን ሲጠብቅ ያደረውን ዘበኛ ያገኛል። እሱንም «እንደምን አደርክ?» ይለዋል። በዚህ ሰው ላይ ቃሉ የቆየ ልማድ ብቻ ሳይሆን እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ ሌሊቱን በዓይኑ አሳልፎታልና። ዘበኛው ወደ ቤቱ ሄዶ ሊተኛ ቢሆንም ስንብቱ ያው «ደህና ዋል» ነው። የሚመጣው ጊዜ ቀን እስከ ሆነ ድረስ ሰውየው ቢተኛበትም ቢሠራበትም ቃሉ አይለወጥም።

በ4 ሰዓት ተኩል ቡና ማድረቂያው አልጋ ዘንድ ይደርሳል። ቡናውን እያገላበጡ ያሉትን ሴቶች «እንደምን አረፈዳችሁ?» ይላቸዋል። በሥራ ላይ ስለሆኑ «በርቱ» ብሎ ይጨምርላቸዋል። «እንደምን አደራችሁ» ቢላቸውም የሚያርመው የለም።

በ8 ሰዓት ከለቃሚዎቹ መካከል በጠዋት ያላየውን ጓደኛውን ያገኛል። የተለያዩት ትናንት ማታ ነው። በሚለያዩበት ጊዜ የተባባሉት «ደህና እደር» ነበር። ታዲያ አሁን «እንደምን አደርክ» ይበለው? አይደለም። ከሌሊቱ በኋላ ግማሽ ቀን አልፏልና «እንደምን ዋልክ?» ይለዋል። ከዚህ የምንማረው መለኪያችን ሁለት ነገር እንዳለው ነው። መጀመሪያ ከተለያየን ስንት ቀን ሆነን? ብለን እንጠይቃለን። ከአንድ ቀን ያልበለጠ ከሆነ የቅርቡን ያለፈ ጊዜ እንጠይቃለን።

በ9 ሰዓት ያንኑ ጓደኛውን ደግሞ በሌላ ማሳ ያገኘዋል። አሁን የጊዜ ሰላምታ አያስፈልግም፤ አንድ ሰዓት ለመጠየቅ የሚበቃ ጊዜ አይደለምና። «ደግሞ ተገናኘን!» ወይም «እሺ፣ እንዴት ነው?» ይበቃል። በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ አንድን ሰው ሁለት ጊዜ «እንደምን ዋልክ» ማለት የመጀመሪያውን ሰላምታ እንደ ረሳነው ያስመስላል።

በ11 ሰዓት ሥራ ይፈታል። ለሁለት ሰዎች ሁለት ዓይነት ስንብት ይሰጣል። አንደኛው ማታ ለመዝሙር ጥናት የሚያገኘው ጓደኛው ነው፤ እሱን «በል፣ እስከ ማታ» ይለዋል። ሌላዋ እስከ ነገ የማያያት ሴት ናት። ለእሷ «ደህና አምሺ» ቢላት መልካም ነው፤ ምሽቱ ቀርቧልና። «ደህና እደሪ» ቢላትም ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም እስከ ነገ ጠዋት አይተያዩም። ገና ሳይጨልም «ደህና እደሪ» ሲባል ብትሰሙ እንግዲህ አትደነቁ። ተናጋሪው ዛሬ አንገናኝም ማለቱ ነው።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቤቱ ይገባል። ውጭው ጨልሟል። እናቱ ግን «እንዴት ዋልክ፣ ልጄ?» ትለዋለች እንጂ «እንዴት አመሸህ» አትለውም። ለምን? ጠዋት «ደህና ዋል» ብላ የሸኘችው እሷ ናት። የምትጠይቀው ያንን የሸኘችበትን ቀን ነው። ቆየት ብሎ ወደ ቤታቸው ብቅ ያለው እንግዳ ግን ለሁሉም «እንደምን አመሻችሁ?» ይላል። በአንድ ቤት፣ በአንድ ሰዓት፣ ሁለት የተለያዩ ሰላምታዎች ተሰሙ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ሰዓቱ አንድ ነው፤ የተለያዩበት ጊዜ ግን የተለያየ ነው። የትምህርታችን ፍሬ ነገር ከዚህ ምሳሌ የተሻለ የሚታይበት ቦታ የለም።

በመጨረሻም ወደ መኝታ ሲሄዱ «ደህና እደሩ» ይባባላሉ፤ ነገ ጠዋትም «አደራችሁ» ተመልሳ ትመጣለች።

፭. ቀኑ ሲበዛ

ሳንተያይ ከጥቂት ቀናት በላይ ካለፈ የጠዋትና የማታ ልዩነት ይቀራል። ያን ጊዜ «እንደምን ሰነበትክ?» እንላለን። ይህ ቃል «ሰንበት» ከሚለው ጋር አንድ ሥር ያለው ነውና በመካከል ሰንበት ያለፈበትን ጊዜ ያስታውሰናል። ወራት ካለፉ ደግሞ «እንደምን ከረምክ?» እንላለን። ይህም «ክረምት» ከሚለው ቃል ጋር ዝምድና አለው። ለዕረፍት ወደ ቤተሰቦቻችን ሄደን በመስከረም ስንመለስ የምንለዋወጠው ይኸው ነው።

እነዚህን ሁለቱን ቃላት በጠዋትም በማታም መናገር ይቻላል። የቴፒዋ እናት የጠበቁት «እንደምን ሰነበቱ?» የሚለውን ነበር። እኛ «እንደምን ዋሉ?» ባልናቸው ጊዜ ሳናስበው ያለፉትን ሳምንታት እንዳልነበሩ አደረግናቸው። «ሰነበቱ» ብንላቸው ኖሮ ሳንጠይቃቸው መቆየታችንን በዚያችው ቃል ባመንን ነበር፤ እሳቸውም የሕመማቸውን ነገር ለማንሣት መንገድ ባገኙ ነበር። የታመመን ሰው በየቀኑ እየተመላለስን የምንጠይቅ ከሆነ ግን «እንደምን አደሩ? ዛሬስ ሻል አለዎት?» ማለት ይገባል። ለበሽተኛ ሌሊቱ ዋና ነገር ነው።

ወደ ለቅሶ ቤት ስንሄድ ግን ከእነዚህ አንዱንም አናስቀድምም። ውሎአቸውና አዳራቸው የታወቀ ነውና «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለን እንቀመጣለን።

፮. ለማን እንናገራለን?

ጊዜውን ካወቅን በኋላ ቃሉን ለሰውየው ማስማማት ይቀራል። በሚዛንና በቴፒ አካባቢ ቤንችኛ፣ ሸክኛ፣ ካፍኛ፣ ሸኮኛ፣ መዠንገርኛና ሌሎችም ቋንቋዎች ይነገራሉ፤ ከመካከላችንም አማርኛን በትምህርት ቤት የተማርን ብዙዎች ነን። ስለዚህ ዝርዝሩን ከዚህ በታች እናስቀምጠዋለን።

ለአንድ ወንድ እኩያ፦ አደርክ፣ ዋልክ፣ አመሸህ። ስንለያይ፦ ደህና ዋል፣ ደህና አምሽ፣ ደህና እደር።

ለአንዲት ሴት እኩያ፦ አደርሽ፣ ዋልሽ፣ አመሸሽ። ስንለያይ፦ ደህና ዋይ፣ ደህና አምሺ፣ ደህና እደሪ።

ለአንድ ትልቅ ሰው፦ አደሩ፣ ዋሉ፣ አመሹ። ስንለያይ፦ ደህና ይዋሉ፣ ደህና ያምሹ፣ ደህና ይደሩ።

ለብዙ ሰዎች፦ አደራችሁ፣ ዋላችሁ፣ አመሻችሁ። ስንለያይ፦ ደህና ዋሉ፣ ደህና አምሹ፣ ደህና እደሩ።

ከእነዚህ ውስጥ ሦስት ቦታዎች ላይ እንሰናከላለን። አንደኛው ለሴት «ደህና ዋሊ» ማለት ነው። «ል» ወደ «ይ» ስለሚለወጥ «ዋይ» ነው የሚባለው፤ «በል» ለሴት «በይ» እንደሚሆን ያለ ነው። ሁለተኛው «አመሸህ» የሚለው በ«ህ» ሲጨርስ «ዋልክ» ግን በ«ክ» መጨረሱ ነው። ከፊቱ ያለው ፊደል ሳድስ ሲሆን «ክ»፣ አናባቢ ያለው ሲሆን «ህ» ይመጣል። «አደርህ»፣ «ዋልህ» የሚሉ ሰዎችም በመካከላችን አሉ። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከሰሜን ወደ ደቡብ ምዕራብ የሰፈሩ ብዙ ቤተሰቦች ስለ ነበሩ በከተሞቻችን ልዩ ልዩ አነጋገር ይሰማል፤ ይህ ሊታረም የሚገባ ስሕተት አይደለም።

ሦስተኛውና ዋናው «ዋሉ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ስንገናኝ «እንደምን ዋሉ?» ለአንድ ትልቅ ሰው የሚነገር የአክብሮት ቃል ነው። ስንለያይ ግን «ደህና ዋሉ» ለብዙ ሰዎች የሚነገር ትእዛዝ አንቀጽ ነው። ለአንድ ትልቅ ሰው ስንሰናበት ከፊቱ «ይ» ጨምረን «ደህና ይዋሉ» እንላለን። አንዲት ፊደል ናት፤ ነገር ግን ትልልቆቹ መኖር አለመኖሯን ይሰማሉ።

ጊዜው ወይም ሰውየው ያጠራጠረን እንደ ሆነስ? ለምሳሌ በመናኸሪያ የማናውቀውን ሰው «አንተ» እንበለው «እርስዎ» ብንጠራጠር «ጤና ይስጥልኝ» እንበል። ይህ ቃል ጠዋትም ማታም አይልም፤ ወንድና ሴት፣ ትልቅና ትንሽ አይለይም። ነገር ግን ለምናውቀው ሰው ይህ ብቻ ቢሆን ይቀዘቅዛል። ምክንያቱም የሚመኝ እንጂ የሚጠይቅ ቃል አይደለም። የምናውቀው ሰው ያለፈውን ጊዜውን እንድንጠይቀው ይጠብቃል።

፯. ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

በሚቀጥለው ስብሰባችን እንድንነጋገርባቸው የሚከተሉትን ሦስት ጥያቄዎች አቅርበናል።

፩ኛ. ባለፈው እሑድ ያየናቸውን አባት ዛሬ ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ መንገድ ላይ አገኘናቸው። ምን ብለን እንቀበላቸዋለን? ምንስ ብለን እንሰናበታቸዋለን?

፪ኛ. ጠዋት አብራን ቁርስ የበላች እኅታችን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ወደ ቤት ገባች። «እንደምን ዋልሽ» ወይስ «እንደምን አመሸሽ» እንላታለን? ምክንያቱስ?

፫ኛ. ጓደኛችን ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ለስድስት ወር ሊሄድ በጠዋት መናኸሪያ ሸኘነው። ሰዓቱ ጠዋት ስለሆነ «ደህና ዋል» ማለት ይበቃልን?

እኛም ወደ ቴፒ ተመልሰን ሄደናል። ከዚያች ቀን በኋላ ሦስት ሳምንት ሆኖን ነበር። በሩ ላይ ስንደርስ ጠዋት ነበር፤ ሰዓታችንን ግን አላየንም። «እናታችን፣ እንደምን ሰነበቱ?» አልናቸው። እሳቸውም «እሰይ! አሁን ጠየቃችሁኝ» ብለው ቡና እንዲፈላ አዘዙ፤ የሰነበቱበትንም ሁሉ አጫወቱን።

ደህና ሰንብቱ።